የጎደለችው ቀስት፤ ስለ ኪቶአሲዶሲስ በተዘጋጀ አንድ የማጥኛ ካርታ ላይ የቀረበ ሒስ

በነርስ ተማሪዎች የጥናት ቡድን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ርእሱ «ዲያቤቲክ ኪቶአሲዶሲስ በጽንሰ ሐሳብ ካርታ» ይላል። በግራው ዓምድ በሰውነት ውስጥ የሚካሄደው የሕመሙ ሂደት፣ በመካከለኛው ዓምድ የሚታዩት ምልክቶች፣ በቀኙ ደግሞ የነርሷ ተግባራት በየሣጥናቸው ተጽፈዋል። ሣጥኖቹን ቀስቶች ያገናኟቸዋል። ቀስቶቹ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ አንዲትም እንኳ ወደ ኋላ የምትመለስ የለችም። ይህ ሒስ የሚያተኩረው በዚህ የመጨረሻ ነገር ላይ ነው፤ ምክንያቱም ወረቀቱን በቃሉ ያጠና ሰው ተረኛ ሆኖ ሲገባ ሕመምተኛን ሊጎዳ የሚችልበት ቀዳዳ የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን የወረቀቱን መልካም ጎን መመልከት ተገቢ ነው። ስለ አተነፋፈስ የተሣለው መስመር በሚገባ የታሰበበት ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ የሰውነት ስብ ይፈርሳል፤ ጉበት የስብ አሲዶችን ወደ ኪቶን ይለውጣል፤ ኪቶን አሲድ ስለሆነ የደም ባይካርቦኔት ያልቃል፤ ሰውነትም የቀረውን አሲድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ በሳንባ ለማስወጣት በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1874 እ.ኤ.አ. የገለጸው አተነፋፈስ ይኸው ነው። ካርታው ይህን ሰንሰለት ተከትሎ በቀኙ ዓምድ «አተነፋፈሱ ማካካሻ ነው፤ ማስታገሻ መድኃኒት በመስጠት አታዘግዩት» ሲል ያሳርፈዋል። ከምክንያት ወደ ምልክት፣ ከምልክት ወደ ተግባር የሚወስደው መንገድ ሳይቋረጥ ተጉዟል። ይህን መስመር ያጠናች ነርስ በጥልቀት የሚተነፍስንና ሳንባው ንጹሕ የሆነን ወጣት ስታይ የሳንባ ምች ነው ብላ ከመደምደሟ በፊት የጣት ደም ስኳር ትለካለች።

የወረቀቱ ድካም የሚጀምረው ከቀስቶቹ ላይ ቃላት ሲጠፉ ነው። የጽንሰ ሐሳብ ካርታን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው ጆሴፍ ኖቫክ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። አንደኛው፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለቱን ሣጥኖች ወደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚያገናኝ አያያዥ ቃል እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ በካርታው ልዩ ልዩ ክፍሎች መካከል አቋራጭ መስመር እንዲሠመር ነው። አያያዥ ቃል የሌለው ቀስት «ያስከትላል» ማለት ይሁን «ያስወግዳል»፣ «ይጠይቃል» ማለት ይሁን «ይከለክላል» አይታወቅም። በፈተና ላይ ይህ ልዩነት ጥቂት ነጥብ ያስቀንስ ይሆናል፤ በሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ለዚህ ግልጹ ማስረጃ የፖታሲየም ሣጥን ነው። በካርታው ላይ «አሲዶሲስ» ከሚለው ሣጥን ቀስት ተነሥቶ «የፖታሲየም መብዛት» ወደሚል ሣጥን ይሄዳል፤ ከዚያ «ከፍ ብሎ የሾለ ቲ ሞገድ» ወደሚል ምልክት ይሻገራል፤ በመጨረሻም «ፖታሲየም ያለው ፈሳሽ አትስጡ» በሚል ተግባር ያበቃል። በዚሁ ዓምድ ከፍ ብሎ በሌላ ሣጥን «ኢንሱሊን በደም ሥር ጀምሩ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን ቢቀመጡም በመካከላቸው መስመር የለም። ካርታው የማይነግረን ነገር የቀኙ ዓምድ ሣጥን ራሱ የግራውን ዓምድ እንደሚለውጥ ነው። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም ወደ ሴል ውስጥ ያስገባል። ተግባሩ አዲስ ሕመም ይፈጥራል ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል። በኪቶአሲዶሲስ የተያዘ ሰው ደሙ ውስጥ ፖታሲየም የበዛ ቢመስልም ሰውነቱ በጠቅላላው ፖታሲየም ተራቁቷል። የደም ስኳር ሲበዛ በሽንት እየወጣ ውኃን፣ ከውኃው ጋርም ፖታሲየምን ይዞ ይሄዳል። ኪቶኖችም በሽንት ሲወጡ ፖታሲየምን አስከትለው ይወጣሉ። ትውከት ይጨመርበታል። የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ደግሞ አልዶስተሮን የተባለውን ሆርሞን ስለሚያነቃቃ ኩላሊት ፖታሲየምን የበለጠ እንዲያስወጣ ያደርጋል። በአዋቂ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉድለት ብዙ ጊዜ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ3 እስከ 5 ሚሊሞል ይገመታል፤ ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ከ150 እስከ 250 ሚሊሞል አጥቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ የላቦራቶሪው ውጤት ልከኛ ወይም ከፍ ያለ ሆኖ የሚታየው፣ ኢንሱሊን ስለሌለና በስኳር የወፈረው ደም ውኃን ከሴል ስቦ ስለሚያወጣ፣ በሴል ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ወደ ደም ስለሚፈስስ ነው። አሲዱም የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት እርሱ አይደለም፤ ካርታው ግን ምክንያቱን ሁሉ ለአሲዱ ብቻ ሰጥቶታል። ይህ ጥቃቅን ስሕተት ይምሰል እንጂ ውጤቱ ቀላል አይደለም። መንሥኤው የኢንሱሊን መጥፋት መሆኑን የተረዳ ተማሪ፣ ኢንሱሊን ሲመለስ ፖታሲየም ወደ ሴል እንደሚመለስ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። መንሥኤው አሲድ ብቻ ነው ብሎ የያዘ ግን ወደዚህ ድምዳሜ የሚወስደው መንገድ የለውም።

የወረቀቱን ሚዛን በአንዲት ሕመምተኛ ምሳሌ መመዘን ይቻላል። የ22 ዓመት ወጣት ናት እንበል፤ ክብደቷ 50 ኪሎ ግራም፣ አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባት፣ ኢንሱሊኗ ካለቀባት 3 ቀን የሆናት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያስመለሳት። የደም ግፊቷ 90 በ60፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 124፣ አተነፋፈሷ ጥልቅ ሆኖ በደቂቃ 32 ነው። የደም ስኳሯ በዴሲሊትር 480 ሚሊ ግራም፣ የሽንት ኪቶኗ ሦስት መስቀል ነው። የደም ፖታሲየሟ በሊትር 3.1 ሚሊሞል መሆኑን ላቦራቶሪው አስታውቋል። በወረቀቱ ላይ ይህ ቁጥር የሚያርፍበት ሣጥን የለም፤ ካርታው የሚያውቀው የበዛ ፖታሲየምን ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የተከተለ ሰው ወደ ኢንሱሊኑ ሣጥን ያልፋል። ኢንሱሊኑ ሲገባ 3.1 የነበረው ወደ 2.5 እና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ የልብ ምት ይዛባል፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ። አሲዱን በትንፋሽ እያካካሰች በሕይወት የቆየች ሕመምተኛ የመተንፈሻ ጡንቻዋ ሲደክምባት ሁለት አደጋ በአንድ ጊዜ ይደርስባታል። ወረቀቱ በሚገባ የሣለው የኩስማውል መስመር እና ሳይሥለው የቀረው የፖታሲየም መስመር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕመም ማኅበራት ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጋራ ስምምነት ሰነድ ለአዋቂዎች የሚሰጠው መመሪያ በዚህ ነጥብ ላይ ግልጽ ነው። ፖታሲየም ከ3.5 በታች ከሆነ ኢንሱሊን አይጀመርም፤ ፈሳሽ እየተሰጠ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ይገባል፤ ውጤቱ ከ3.5 ሲያልፍ ኢንሱሊን ይጀመራል። በ3.5 እና በ5.0 መካከል ከሆነ ኢንሱሊኑ ይጀመርና በየሊትሩ ፈሳሽ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሞል ይጨመራል። ከ5.0 በላይ ከሆነ ግን ኢንሱሊኑ ብቻ ተጀምሮ ፖታሲየሙ በየ2 ሰዓቱ ይለካል። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካው ማኅበር ሰነድ የታችኛው ወሰን 3.3 ስለነበር በአንዳንድ ክፍሎች ግድግዳ ላይ አሁንም ያ ቁጥር ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ በጥቂቱ ቢለወጥም ሐሳቡ አልተለወጠም፤ ኢንሱሊን ፖታሲየምን ሳይጠይቅ አይገባም።

በዚህ መሠረት የወጣቷ ሕክምና እንዲህ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይገባላታል፤ በዚሁ ጊዜ ሽንት መሽናቷ ይረጋገጣል። ሽንት መኖሩ ከታየ በኋላ ፈሳሹ በሰዓት 500 ሚሊ ሊትር እየሄደ በየሊትሩ 40 ሚሊሞል ፖታሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል፤ ይህም በሰዓት 20 ሚሊሞል ይሆናል። መጠኑ የተፈቀደው ወሰን ጫፍ ስለሆነ የልብ ምቷ በመቆጣጠሪያ መሣሪያ ይታያል። ከሁለት ሰዓት በኋላ 40 ሚሊሞል ገብቶላት ፖታሲየሟ 3.6 ሆኗል እንበል። አሁን ኢንሱሊን በአንድ ኪሎ ግራም 0.1 ዩኒት፣ ማለትም በሰዓት 5 ዩኒት ይጀመራል፤ ፈሳሹ በሊትር 20 ሚሊሞል ይዞ ይቀጥላል። በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት ሌላ 20 ሚሊሞል ገብቶላት ሳለ ውጤቷ ከ3.6 ፈቀቅ ባይል አያስገርምም፤ የሚሰጣትን ኢንሱሊኑ ወደ ሴል እየወሰደው ነው። ይህን የተረዳች ነርስ «ፖታሲየሙ አልጨመረም» ብላ አትደናገጥም፤ ነገር ግን ውጤቱን ለሐኪሙ አሳውቃ መጠኑ ከፍ እንዲል ትጠይቃለች፤ ከ3.5 ቢወርድ ኢንሱሊኑ መቆም እንዳለበትም ታስታውሳለች። ካርታ ሊያስተምር የሚገባው ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ ነው።

በቀኙ ዓምድ ሌላም የጎደለ ነገር አለ። ወረቀቱ ፖታሲየም ስለሚሰጥበት መንገድ አንድም ቃል አልጻፈም። ፖታሲየም ክሎራይድ ከብልቃጡ በቀጥታ በደም ሥር ከተወጋ ልብን ያቆማል፤ ሁልጊዜ በፈሳሽ ተቀላቅሎ፣ በደንብ ተነቅንቆ ይሰጣል። የብልቃጦቹም ጥንካሬ አንድ ዓይነት አይደለም። 15 በመቶ የሆነ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1.5 ግራም ጨው፣ ማለትም ወደ 20 ሚሊሞል ገደማ ፖታሲየም ይይዛል፤ የሌላ ጥንካሬ ብልቃጥ በተመሳሳይ መጠን ሌላ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ «አንድ ብልቃጥ ጨምሩ» የሚል ትእዛዝ ሙሉ ትእዛዝ አይደለም፤ በሚሊሞል መጻፍ፣ መለያ ወረቀቱንም ማንበብ ያስፈልጋል።

አንባቢ በዚህ ቦታ ተገቢ ጥያቄ ያነሣ ይሆናል፤ የደም ፖታሲየም የማይለካበት ጤና ተቋም ውስጥ ይህ ካርታ ምን ይጠቅማል? መልሱ ካርታው በተለይ እዚያ እንደሚያስፈልግ ነው። የፈሳሹን ሕክምና መጀመር የላቦራቶሪ ውጤትን አይጠብቅም። በመጀመሪያው ሰዓት ፈሳሽ እየሄደ ሳለ ሽንቱ ይለካል፤ የልብ ኤሌክትሪክ ንድፍ ካለ ይነሣል። ከፍ ብሎ የሾለ ቲ ሞገድ የፖታሲየም መብዛትን፣ የተዘረጋ ቲ ሞገድና ከኋላው የሚከተል ዩ ሞገድ ደግሞ ማነስን ያመለክታሉ። ንድፉ ልከኛ ሆኖ መታየቱ ግን ፖታሲየሙ ልከኛ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ውጤት ወደሚገኝበት ሆስፒታል መላክ አለበት። በመላኪያው ወረቀት ላይ ኢንሱሊን የተሰጠበት ሰዓትና መጠን፣ የገባው ፈሳሽ፣ የወጣው ሽንት መጻፍ ይኖርበታል፤ ተቀባዩ ሐኪም የሚያየው የፖታሲየም ቁጥር ከኢንሱሊን በፊት ወይም በኋላ የተገኘ መሆኑን ካላወቀ ቁጥሩን ሊተረጉመው አይችልም። የወረቀቱ አዘጋጆች ምሳሌያቸውን ሁሉ በየሰዓቱ ደም ከሚመረመርበት ክፍል ስለወሰዱ ይህን ሁኔታ አላሰቡትም።

ሁለተኛዋ የጎደለች ቀስት በካርታው ግርጌ ትገኛለች። «የደም ስኳር ወደ ልኩ ሲመለስ ኢንሱሊን አቁሙ» የሚል ሣጥን አለ። ይህ ሣጥን ከ«ስኳር መብዛት» መስመር መጥቷል እንጂ ከ«ኪቶን» መስመር ጋር አልተገናኘም። የሕመሙ ስም ግን ኪቶአሲዶሲስ ነው፤ ኢንሱሊኑም የሚሰጠው በመጀመሪያ የኪቶንን መመረት ለማስቆም ነው። የደም ስኳር ብዙ ጊዜ አሲዱ ከመጥራቱ በፊት ይወርዳል። ስለዚህ ስኳሩ ከ250 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን የሚደረገው ኢንሱሊንን ማቆም ሳይሆን፣ ዴክስትሮስ ያለበትን ፈሳሽ ጨምሮ ኢንሱሊኑን በአንድ ኪሎ ግራም ወደ 0.05 ዩኒት በሰዓት ዝቅ አድርጎ መቀጠል ነው። ለወጣቷ በሰዓት 2.5 ዩኒት ይሆናል። የሕመሙ ማብቂያ የሚታወቀው ፒኤች ቢያንስ 7.3 ወይም ባይካርቦኔት ቢያንስ 18 ሲደርስ፣ የደም ኪቶንም ከ0.6 ሚሊሞል በታች ሲወርድ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀድሞ ካልተወጋ በቀር በደም ሥር የሚገባው አይቋረጥም፤ ቢቋረጥ ኪቶኑ ይመለሳል።

በዚሁ ቦታ ወረቀቱ የሽንት ኪቶንን ለመሻሻል መለኪያ አድርጎ «ኪቶን ከሽንት እስኪጠፋ» ይላል። የሽንት መመርመሪያው ወረቀት የሚያየው አሴቶአሴቴት የተባለውን ኪቶን እንጂ በኪቶአሲዶሲስ ጊዜ የሚበዛውን ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት አይደለም። ሕክምናው ሲሠራ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ስለሚለወጥ ሕመምተኛዋ እየዳነች ሳለ የሽንቷ ምርመራ ባለበት ሊቆይ፣ አልፎም የባሰ ሊመስል ይችላል። የሽንቱ ምርመራ ሕመሙን ለመጠርጠር ይጠቅማል፤ መዳኑን ለመከታተል ግን የአተነፋፈሱ መረጋጋት፣ ባይካርቦኔቱና ከተገኘ የደም ኪቶኑ የተሻለ ይናገራሉ።

ካርታውን ማረም ብዙ ሥራ አይጠይቅም፤ ሣጥን መጨመር ሳይሆን መስመር መጨመር ነው። ከ«ኢንሱሊን ጀምሩ» ወደ «ፖታሲየም» የሚመለስ ቀስት ይሠመርና በላዩ «ወደ ሴል ያስገባል፤ ስለዚህ በደም ያሳንሳል» ተብሎ ይጻፍ። ከ«ፖታሲየም» ወደ «ኢንሱሊን» ሌላ ቀስት ይምጣና «ከ3.5 በታች ከሆነ ያዘገያል» ይበል። «ፖታሲየም አትስጡ» የሚለው ትእዛዝ «ከ5.0 በላይ እስካለ ድረስ» በሚል ወሰን ይታጠር። በመጨረሻም «ኢንሱሊን አቁሙ» ከስኳሩ መስመር ተነቅሎ ከአሲዱ መስመር ጋር ይያያዝ። በወረቀቱ ራስ ላይ ደግሞ ካርታው ለአዋቂዎች ብቻ መሆኑ ይጻፍ፤ በልጆች ላይ የአንጎል እብጠት ስለሚያሰጋ የፈሳሹ ስሌት የተለየ ነው፣ ኢንሱሊኑም ፈሳሽ ከተጀመረ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚከተል ነው።

የጥናት ቡድኑ ወረቀቱን በድጋሚ ሲያባዛ አንድ ፈተና ቢያደርግ መልካም ነው። አንድ ተማሪ የወጣቷን ቁጥሮች ይዞ ጣቱን በካርታው ላይ ያስኪድ፤ ፖታሲየሟ 3.1 ሲሆን ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ 5.6 ቢሆንስ ወዴት እንደሚሄድ ይታይ። በአሁኑ ካርታ ሁለቱም ጣቶች ወደ አንድ ሣጥን ይደርሳሉ። በታረመው ካርታ ግን በመጀመሪያው ቁጥር ጣቱ ኢንሱሊኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይቆማል።